ሆድ ካሎሪ አይቆጥርም

ማኅበራችሁ በላከልኝ የግብዣ ደብዳቤ ላይ ያቀረባችሁልኝ ጥያቄ አጭር ነው፦ ሰው ሳይራብ ክብደት መቀነስ ይችላል ወይ? ይህን የሚጠይቁ ሰዎች አብዛኞቹ አንድ ጊዜ ሞክረው የተመለሱ ናቸው። እራት ትተዋል፤ የምሳቸውን ግማሽ አስቀርተዋል፤ ጥቂት ሳምንታት ከታገሡ በኋላ ረሃቡ አሸንፏቸዋል። ከዚያ በኋላ ራሳቸውን ሰነፍ ብለው ይወቅሳሉ። እኔ ወቀሳው አይገባቸውም እላለሁ። ምግቡን በግማሽ የቀነሰ ሰው ካሎሪውን ብቻ ሳይሆን ሆዱን የሚሞላውንም ነገር በግማሽ ቀንሷል፤ ስለዚህ መራቡ የማይቀር ነው። ዛሬ የማስረዳችሁ አንድ ሐሳብ ነው። ካሎሪውን ቀንሰን የምግቡን ብዛት እንዳለ ማቆየት እንችላለን፤ ይህንንም የምናደርገው በሦስት ነገሮች ነው፤ በምግቡ መጠን፣ በፕሮቲንና በፋይበር፣ በአማርኛው በአሰር። ሦስቱን እኩል አላያቸውም። መጠኑ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነው።

እንግዲህ ከመጠን ልጀምር። ምግብ ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ግድግዳው ይለጠጣል። መለጠጡን የሚሰሙ የነርቭ ጫፎች አሉ፤ ቫገስ በሚባለው ነርቭ በኩል "እየሞላ ነው" የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል ይልካሉ። እነዚህ ነርቮች የሚሰሙት ስፋትን ነው። ጨጓራውን የለጠጠው ጎመን ይሁን ቅቤ ለእነሱ ልዩነት የለውም። የምግቡን ዓይነት የሚለየው ቀጥሎ ያለው ትንሹ አንጀት ነው፤ ስብና ፕሮቲን እዚያ ሲደርሱ የጥጋብ ሆርሞኖች ይለቀቃሉ፤ ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞንም ይቀንሳል። ይህ ሁለተኛው መልእክት ግን ይዘገያል፤ ፈጥኖ የሚበላ ሰው ደግሞ እስኪደርስለት አይጠብቅም። ስለዚህ እጃችንን ከማዕድ የምናነሣው በአብዛኛው በበላነው ብዛትና በልማዳችን ነው። ሰው በየቀኑ የሚበላው የካሎሪ መጠን ከፍ ዝቅ ሲል፣ የሚበላው የምግብ ክብደት ግን ብዙም አይለዋወጥም። በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ባርባራ ሮልስ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን የመሠረቱት በዚህ ላይ ነው።

ከሥራዎቻቸው አንዱን ልንገራችሁ። በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በታተመው ጥናት 24 ሴቶች ከምሳ በፊት መክሰስ ቀረበላቸው። መክሰሱ ከዶሮ፣ ከሩዝና ከአትክልት የተሠራ ነው፤ ካሎሪው ሁልጊዜ 270 ነው። አንድ ቀን ደረቁን ብቻ በሉ። ሌላ ቀን ያንኑ ደረቅ ምግብ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር በሉ። በሌላ ቀን ደግሞ ያው ውኃ ከዚያው ምግብ ጋር ተቀቅሎ ሾርባ ሆነ። ከዚያ ምሳ ቀረበና የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተተዉ። ደረቁን ብቻ የበሉበትና ውኃውን ለብቻው የጠጡበት ቀን የምሳቸው መጠን አልተለያየም። ሾርባውን የበሉ ቀን ግን ምሳቸው ወደ 100 ካሎሪ ያህል ቀነሰ፤ እራት ላይም አላካካሱትም። የምግቡ ዓይነት ያው፣ ውኃው ያው፣ ካሎሪው ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው ውኃው ምግቡ ውስጥ መግባቱ ነው። ለብቻው የተጠጣ ውኃ ከጨጓራ ቶሎ ይወጣል፤ በምግብ ውስጥ የተያዘ ውኃ ግን ይቆያል። "ታዲያ ከምግብ በፊት ውኃ ብንጠጣስ?" ለሚለው የተለመደ ጥያቄ መልሴ ከዚህ ይወጣል፤ ውኃ መጠጣት ክፋት የለውም፤ ነገር ግን የበለጠ ጥጋብ የሚሰጠው ተቀቅሎ፣ ተዘፍዝፎ ወይም በአትክልት ውስጥ ሆኖ የሚመጣው ውኃ ነው።

የዚህ አዳራሽ ታዳሚ ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፤ ቆሎና ንፍሮ በቂ ናቸው። መቶ ግራም ደረቅ ሽምብራ ወስደን ብንቆላው በግምት 370 ካሎሪ ይዞ ይቀራል፤ ሁለት እፍኝ የማይሞላ ነገር ነው፤ ጨዋታ ሳይቋረጥ ያልቃል። ያንኑ መቶ ግራም ሽምብራ ዘፍዝፈን ብንቀቅለው ውኃ ጠጥቶ ከ220 ግራም በላይ ይሆናል። ካሎሪው አልጨመረም፤ ፕሮቲኑም ያው 20 ግራም ገደማ ነው። የንፍሮውን ሳህን ግማሽ ስንበላ የቆሎውን ያህል ክብደት በልተናል፤ የገባው ካሎሪ ግን ግማሹ ነው። ቆሎው ላይ ለውዝ ከተቀላቀለ ልዩነቱ ይሰፋል፤ መቶ ግራም ለውዝ ወደ 570 ካሎሪ አለው። ባለሙያዎች ይህን በአንድ ግራም ስንት ካሎሪ አለ ብለው ይለኩታል። ቆሎ 3.7 ገደማ ነው፤ ንፍሮ 1.6፤ የተቀቀለ ጎመን ደግሞ ከግማሽ በታች። ቢሮ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ከመሳቢያ ቆሎ እያወጣ የሚበላ ሰው "እኔ እኮ ምንም አልበላም" ቢል አይዋሽም፤ ሆዱ በእርግጥ ምንም የበላ አልመሰለውም።

በዚህ መለኪያ የእኛን ማዕድ ስናይ ትልቁ ጉዳይ ወዲያው ይወጣል፤ እሱም ዘይት ነው። አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ይሰጣል፤ ፋይበር ወደ 2፤ ውኃ ምንም፤ ስብ ግን 9። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ በሆድ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከጀሪካን ወይም ከጠርሙስ በቀጥታ ወደ ድስት የሚያፈስ ሰው ሦስት ማንኪያና ስድስት ማንኪያ በዓይኑ መለየት ያስቸግረዋል፤ የሚበላውም ሰው በጣዕም አይለየውም። ወጡ ሲቀርብ ዘይቱ ዳር ዳሩን ከተንሳፈፈ፣ እንጀራው ሲነሣ ከሥሩ ትሪው ካብረቀረቀ፣ ምልክቱ ይኸው ነው። "ዘይት የሌለው ወጥ ወጥ አይሆንም" የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እኔም ዘይት ይቅር አልልም። በርበሬ መዓዛውን የሚለቀው በስብ ውስጥ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ለዚያ ግን ለአንድ ሰው አንድ ማንኪያ ይበቃል። የሚያስፈልገው ብልሃትም ከእናቶቻችን ጓዳ አይርቅም፤ ሽንኩርቱን ብዙ አድርጎ መክተፍ፣ ያለ ዘይት በደረቅ ድስት ማቁላላት፣ ሊያር ሲል ጠብታ ጠብታ ውኃ እየሰጡ እስኪቀልጥ መታገሥ፣ ከዚያ ዘይቱን በማንኪያ ለክቶ በርበሬውን ማዋሃድ። ወጡን የሚያወፍረው የሽንኩርቱ ብዛት ነው። ይህ ከተለመደው ሃያ ደቂቃ ያህል ይበልጥ ይወስዳል፤ እውነተኛው ዋጋው ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ መሆኑን አልደብቅም።

ሁለተኛው ነጥቤ ፕሮቲን ነው። መጠን ሆድን ይሞላል፤ ነገር ግን ቶሎ ይጎድላል። ሰላጣ ብቻ በልቶ የተነሣ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ለምን እንደሚርበው የሚያስረዳው ይህ ነው። ፕሮቲን ከሌሎቹ ይልቅ የጥጋብ ሆርሞኖችን በደንብ ያነሣሣል፤ ሰውነትም እሱን ለመፍጨትና ለማዘጋጀት ብቻ ከፍ ያለ ጉልበት ያወጣል። በ2005 በፈረንጆች አቆጣጠር በሲያትል የተሠራ አንድ ጥናት ነበር። 19 ሰዎች ከምግባቸው ካሎሪ 15 በመቶው ፕሮቲን ሆኖ ከቆዩ በኋላ ወደ 30 በመቶ ከፍ ተደረገላቸውና ለ12 ሳምንት የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተተዉ። ማንም ቀንሱ አላላቸውም፤ ራሳቸው በቀን ወደ 440 ካሎሪ ቀነሱ፤ ክብደታቸውም በአማካይ 4.9 ኪሎ ወረደ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የፕሮቲኑን ቦታ ለመስጠት ስቡም ተቀንሶ ነበር፤ ስለዚህ ውጤቱን ሁሉ ለፕሮቲን ብቻ አልሰጥም። አቅጣጫው ግን ከሌሎች ብዙ ጥናቶች ጋር ይስማማል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያው "ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን የምንጾም ሰዎች ፕሮቲን ከየት እናምጣ?" የሚል ነው። ከጥራጥሬ ነው። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 116 ካሎሪ ብቻ ይዞ 9 ግራም ፕሮቲንና 8 ግራም ፋይበር ይሰጣል፤ ውኃውም በውስጡ ነው። ዛሬ የማነሣቸውን ሦስቱን ነገሮች በአንድ ላይ የያዘ ከዚህ የተሻለ ምግብ በማዕዳችን ላይ የለም። የጾም ማዕድ ችግሩ የፕሮቲን መጥፋት አይደለም፤ ጥራጥሬው በትንሹ፣ እንጀራውና ዘይቱ በብዙ መቅረባቸው ነው። በአንድ እንጀራ ላይ ሁለት ማንኪያ ምስር ከተቀመጠ ምስሩ ማባያ እንጂ ምግብ አልሆነም። አዚፋ፣ ያለ ዘይት የተቀቀለ ድፍን ምስር፣ የባቄላና የሽምብራ ንፍሮ የሳህኑን ዋና ቦታ ሲይዙ ነው ጥቅሙ የሚታየው። ሁለተኛው ተቃውሞ በፍስክ በኩል ይመጣል፤ "ሥጋ ፕሮቲን ከሆነ ክትፎ በላን ማለት ተሳካልን ማለት ነው?" ክትፎ ፕሮቲን አለው፤ በቅቤው በኩል ግን ካሎሪው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዓላማ የሚሻለው ቀይ ሥጋው በጥቂት ዘይት የተጠበሰ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ወይም ቅቤው ከወጣለት አሬራ የሚሠራው አይብ ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ፕሮቲኑን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር እንዳይጨምር አደራ እላለሁ።

ስለ ፋይበር የምለው አጭር ነው። ፋይበር ሰውነት የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል ነው፤ ያስኝካል፣ ውኃ ይይዛል፣ አንዳንዱም እንደ ገብስ፣ አጃና ጥራጥሬ ያለው አንጀት ውስጥ እየወፈረ የምግቡን ጉዞ ያዘገያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢያንስ በቀን 25 ግራም ይመክራል። "እኛ ጤፍ የምንበላ ሰዎች ፋይበር አይጎድለንም" የሚል ክርክር አለ፤ ጤፍ ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን በከተማ ከጤፉ ጋር ዱቄትና ሩዝ የሚቀላቀልበት እንጀራ አለ፤ ቁርሱ ነጭ ዳቦ ነው፤ ፍራፍሬው ደግሞ ተፈጭቶ በስኳር ጭማቂ ሆኗል። ፋይበር የበለጠ ጥጋብ የሚሰጠው ደግሞ በጥርስ ሲታኘክ ነው። ያው የሮልስ ላቦራቶሪ ከምሳ በፊት ሙሉ ፖም የበሉ ሰዎች ጭማቂውን ከጠጡት ይልቅ ምሳ ላይ ያነሰ እንደሚበሉ አሳይቷል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። ጥራጥሬና ጎመን ያልለመደ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ እጥፍ ካደረገው ሆዱ ይነፋል፤ ከዚያም ምግቡን ጠልቶ ይተወዋል። በሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ እያሉ መጨመር፣ ጥራጥሬውን አድሮ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ውኃም መጠጣት ይገባል።

አሁን ይህን ሁሉ በአንድ የምሳ ሳህን ላይ እናስላ። ቁጥሮቹ በግምት ናቸው፤ እንጀራ እንደ ጋጋሪው ይለያያል። አንድ ሰው በምሳ አንድ እንጀራ ተኩል፣ 450 ግራም ያህል ይበላል እንበል፤ ይህ ወደ 675 ካሎሪ ነው። ሽሮው ከ40 ግራም ዱቄት፣ ከጥቂት ሽንኩርትና ከሦስት ማንኪያ ዘይት ተሠርቷል፤ ዱቄቱ 145 ካሎሪ ሲሆን ዘይቱ ብቻ 360 ነው። ጠቅላላው ወደ 1,200 ካሎሪ፣ ክብደቱ ከነውኃው 780 ግራም፣ ፕሮቲኑ 26 ግራም ገደማ ነው። አሁን እንቀይረው። ሽሮው ያው 40 ግራም ዱቄት ይሁን፤ ዘይቱ አንድ ማንኪያ ይሁን። እንጀራው ወደ 250 ግራም ይውረድ። በጎደለው ቦታ 150 ግራም የተቀቀለ ምስር፣ 200 ግራም ጎመን በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ያለ ዘይት የበሰለ፣ 100 ግራም ቲማቲም በቃሪያና በሎሚ ይግባ። ድምሩ ወደ 920 ካሎሪ ነው። ክብደቱ ግን አንድ ኪሎ ደርሷል፤ ፕሮቲኑም ወደ 36 ግራም ወጥቷል። ይህ ሰው ከበፊቱ 220 ግራም ያህል የበለጠ ምግብ በልቶ 280 ካሎሪ ቀንሷል። በአንድ ምግብ ብቻ የተገኘ ነው፤ በየቀኑ ከቀጠለና ሌላው ሁሉ እንዳለ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት በወር አንድ ኪሎ ያህል ማለት ነው። ኋላ ላይ ይቀዘቅዛል፤ የቀለለ ሰውነት የሚያወጣው ጉልበትም ያነሰ ነውና።

በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ቃል ልብ በሉልኝ፤ "በጎደለው ቦታ" አልሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንጀራውና ዘይቱ እንዳለ ሆኖ ጎመኑና ምስሩ ከላይ ሲጨመር ካሎሪው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አለመሳካቱን የምታውቁባቸው ምልክቶች የተለያዩ ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል። ከምሳ በኋላ በሁለት ሰዓት ከራባችሁ ፕሮቲኑ አንሷል። ሆዳችሁ ከተነፋ ፋይበሩ ፈጥኗል። ጠግባችሁ እየዋላችሁ በአራት ሳምንት ሚዛኑ ካልተንቀሳቀሰ ግን ከሳህኑ ውጭ ፈልጉ፤ በድስቱ ዘይት፣ በመክሰሱ ቆሎ፣ በሻይ ስኳርና በለስላሳ መጠጥ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ120 ካሎሪ በላይ ይዞ የሚሰጠው ጥጋብ እጅግ ትንሽ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የመጨረሻው ነው። "ሰውነት ሞኝ አይደለም፤ ዛሬ ብታታልሉት ነገ ያስከፍላል" ይባላል። ክርክሩ ከፊሉ ልክ ነው። ክብደት ሲወርድ የረሃብ ስሜት ይጨምራል፤ ብዙዎቹ የጥጋብ ጥናቶችም በቀናት የሚለኩ ናቸው። ሆኖም ረዘም ያሉም አሉ። በሮልስ ቡድን ዓመት የፈጀ ጥናት አንዱ የሴቶች ቡድን ስብ ብቻ እንዲቀንስ፣ ሌላው ስብ እየቀነሰ አትክልትና ፍራፍሬ እንዲጨምር ተመከረ። ሁለቱም ቀነሱ፤ የመጀመሪያው 6.4 ኪሎ፣ ሁለተኛው 7.9 ኪሎ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ሁለተኛዎቹ ግን ረሃቡ ቀለል ብሏቸው ነበር፤ ይህም ለመቀጠል ወሳኝ ነው። አሁን በየቦታው የሚወራላቸው የክብደት መርፌዎች አንጀት በምግብ ጊዜ የሚለቀውን የጥጋብ ሆርሞን የሚመስሉ ናቸው፤ ኃይላቸው ከምግብ እጅግ ይበልጣል። ምስር መርፌውን ይተካል ብዬ አላታልላችሁም። ከፍተኛ ውፍረት ያለበት ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የስኳር ሕመም መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድም ሰው ካርቦሃይድሬቱን ከመቀነሱ በፊት መጠኑ እንዲስተካከልለት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ያለበለዚያ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ይህ ምክር ለማን እንደማይሆን መናገር ግዴታዬ ነው። የተናገርሁት ሁሉ ክብደቱ ለበዛ አዋቂ ነው። ለታዳጊ ሕፃን ተገልብጦ ይሠራል። የሕፃን ጨጓራ ትንሽ ነው፤ ውኃ የበዛበት ቀጭን አጥሚት ቶሎ ይሞላዋል፤ ካሎሪው ሳይበቃው ጠግቦ አፉን ያዞራል። አዋቂውን የጠቀመው ብዛት ሕፃኑን ያስርበዋል፤ ያውም ሳያለቅስ። ስለዚህ ከጡት ወተት ጋር የሚሰጠው ተጨማሪ ምግብ ከማንኪያ ላይ የማይንጠባጠብ ወፍራም ገንፎ እንዲሆን ይመከራል። ክብደት ሳያስቡት ለሚቀንስባቸው አረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ከበሽታ ለሚያገግሙም ዘይቱ አይቀነስባቸው። በአንድ ቤት አንድ ድስት ሲሠራ መንገዱ ቀላል ነው። ምስሩ በትንሽ ዘይት ይብሰል፤ ከመቅረቡ በፊት የሕፃኑ ድርሻ ለብቻው ወጥቶ ይደቆስ፤ ውኃው ይቀንስለት፤ አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ፣ ከተገኘም የበሰለ እንቁላል ይጨመርበት። የአባትና የእናት ሳህን ላይ ደግሞ በዚያው ማንኪያ ፈንታ ጎመን ይቀመጥ።